ቃል በቃል የተተረጎመን ጽሑፍ አማርኛ ማድረግ፦ ከጎጃም ገጠር በአንዲት ወረቀት ደረጃ በደረጃ

አንድ ገጽ ወረቀት ናት። ጎጃም ገጠር ውስጥ ለነፍሰ ጡር እናቶች የምትታደል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚያነቧት መልእክት። መነሻዋ እንግሊዝኛ ነው። የተረጎማት ሰው ቃሉን ሁሉ በጥንቃቄ መልሷል፤ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ብትፈትሹት ይሄ ነው የሚባል ስህተት አታገኙበትም። ጮክ ብላችሁ ስታነቧት ግን ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምታችሁ አታውቁም። እንዲህ ትላለች፦

«ውድ ነፍሰ ጡር እናት፣ በእርግዝናዎ እንኳን ደስ ያለዎት! እኛ ስለ እርስዎ እና ስለ ልጅዎ እንጨነቃለን። እባክዎ ሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ በ8፡00 ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያችን መምጣትዎን እርግጠኛ ይሁኑ። የሚከተሉትን የአደጋ ምልክቶች በአእምሮዎ ይያዙ፦ ከባድ ራስ ምታት፣ የደበዘዘ እይታ፣ የፊት እና የእጅ እብጠት፣ የደም መፍሰስ፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ። ውሃዎ ከተሰበረ ወይም ከእነዚህ አንዱ ካጋጠመዎት፣ እባክዎ እኛን ለማግኘት አያመንቱ። ማንኛውም ጥያቄ ካለዎት፣ እባክዎ ለመጠየቅ ነፃነት ይሰማዎት። ባልዎ በእርግዝናዎ ውስጥ ትልቅ ሚና ይጫወታል። እርስዎ ብቻዎን አይደሉም። እኛ ለእርስዎ እዚህ ነን።»

ይህችን ረቂቅ ይዘን አብረን እናስተካክላታለን። ሥራው ቃል መቀየር ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ቃል እየለወጠ ስለሚወርድ ነው። እንደዚያ ከሄዳችሁ አንቱታውና አንቺታው ይደበላለቃል፤ መጨረሻ ላይ ረቂቁ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

መጀመሪያ፦ እንግሊዝኛውን ሸፍኑትና ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ዋናውን ጽሑፍ ለአሁኑ አስቀምጡት። ዓይናችሁ እሱ ላይ ካለ የአማርኛው እንግዳነት አይታያችሁም፤ ምክንያቱም ምን ለማለት እንደተፈለገ ቀድማችሁ አውቃችኋል። አንባቢዋ ግን ያ እውቀት የላትም። ያላት ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ሰው እንዲህ አይልም ያላችሁበት ቦታ ላይ ክብ አድርጉ። ሌላ ነገር ተብሎ ሊሰማ የሚችለው ቦታ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አስቀምጡ። ሦስቱን አትቀላቅሏቸው። መስመሩ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ ይስተካከላል። ክቡ የአነጋገር ለዛ ጉዳይ ነው። የጥያቄ ምልክቱ ግን አደጋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ መስተካከል አለበት።

በእኛ ረቂቅ የጥያቄ ምልክት የሚያርፍባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ «እንጨነቃለን»፣ «በ8፡00 ሰዓት»፣ «ውሃዎ ከተሰበረ» እና «ሚና ይጫወታል»። ወደ እያንዳንዳቸው እንመለሳለን።

ሁለተኛ፦ ማን ለማን ነው የሚናገረው?

ይህን ሳትወስኑ አንድ ቃል አትንኩ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ሰውየውን ይዞ ነው የሚሄድ። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ ከመረጣችሁ በኋላ እያንዳንዱ ግስ፣ እያንዳንዱ «ቤትሽ» «ቤትዎ» ይከተላል። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ምርጫውን ለእናንተ ትቶታል።

ተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳያስቡ እርስዎን ይመርጣሉ። አንቱታ ስለሆነ አያስነቅፍም ብለው ነው። ግን ይህች ወረቀት እንዴት እንደምትነበብ አስቡ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜ ወጣት ሴት፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ወይም እሳት ዳር ተቀምጣ ለእኩያዋ ታነባለች። በሌላ ጊዜ «እታለም፣ እንዴት ነሽ» የምትላትን ሴት ወረቀት ስላወጣች ብቻ «ነፍሰ ጡር በመሆንዎ» ስትላት ነገሩ የቢሮ ይሆናል። የምታዳምጠዋም ሴት መራቅ ትጀምራለች። አንቱታ ያከብራል፤ በእኩያ መካከል ሲገባ ግን ያርቃል።

በሌላ በኩል ባዶ አንቺ ይከብዳል። ሰባተኛ ልጇን ያረገዘች ትልቅ ሴት፣ ከማታውቀው መሥሪያ ቤት በመጣ ወረቀት ላይ «ነይ፣ ውሰጂ፣ ጠይቂ» ስትባል ትዕዛዝ ነው የሚመስላት። ስለዚህ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው ማስታወቂያ እናንተን እጠቀማለሁ፤ «እናቶች ሆይ፣ ኑ» ማንንም አያስቀይምም። ቤት ለቤት ለሚነበበው ደግሞ አንቺን እመርጣለሁ፤ ግን ብቻዋን አልተዋትም። ከጎኗ የዝምድና ቃልና ምርቃት አደርግላታለሁ። «እኅታችን» ተብሎ ተጀምሮ፣ ምርቃት ተከትሎ ከመጣ አንቺ ክብር ያላት አንቺ ትሆናለች። ለሠራተኞቹም አንድ ነገር ይነገራቸው፦ አንጋፋ ሴት ፊት ሲቀመጡ እያነበቡ ወደ አንቱታ ይለውጡት። ይህን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ ልምምድ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፦ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ሥራውን ጻፉ

አሁን ዳር ዳሩ ላይ በአንድ ቃል፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ይሠራል ብላችሁ ጻፉ። ሰላምታ ነው? ምርቃት? ጥሪ? ማስጠንቀቂያ? ማደፋፈር? ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እርሱትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ቢቸና ወይም ደምበጫ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ይህንኑ ሥራ ብትሠራ ምን ትል ነበር?

ከመጀመሪያው እንነሳ። «በእርግዝናዎ እንኳን ደስ ያለዎት» ሥራው በጎ ምኞት ነው። ግን ጎጃም ውስጥ ለነፍሰ ጡር ሴት ደስታ ቀድሞ አይነገርም። ገና ነው፤ ምጡ አለ፤ መገላገሉ አለ። ደስታው የሚነገረው ከወለደች በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጠው ምርቃት ነው፦ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»። ይህን የሰማች ሴት «አሜን» ትላለች። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብትባል ግን ምን እንደምትመልስ አታውቅም፤ ይባስ ብሎ ነገሩን ሟርት አድርጋ ልትወስደው ትችላለች።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሙስሊም እናቶችም አሉ። የታተመ ወረቀት ለሁሉም ስለሚደርስ «በሰላም ያገላግልሽ» ብላችሁ ጻፉት። ማን እንደሚያገላግል ሳይጠራ ሁሉም የራሱን ያስባል። በቃል የምታነበው ሠራተኛ ቤቱን ስለምታውቅ ማርያምን ወይም አላህን ራሷ ትጨምራለች።

ቀጥሎ «እንጨነቃለን»። እንግሊዝኛው ሊል የፈለገው «እናስብልሻለን» ነው። አማርኛው ግን «ተጨንቀናል» ይላል። ለነፍሰ ጡር ሴት «ስላንቺና ስለልጅሽ እንጨነቃለን» ስትሏት መጀመሪያ የሚመጣባት ጥያቄ «ምን ተገኘብኝ?» ነው። ባለፈው ምርመራ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላታል። ብዙ ሰው ይህን «ያሳስበናል» ብሎ ሊያለዝበው ይሞክራል፤ ያው ጭንቀት ነው። እኔ ዓረፍተ ነገሩን አወጣዋለሁ። ማሰባችሁ በምርቃቱና በጥሪው ውስጥ ስላለ ለብቻው መነገር አያስፈልገውም። መልእክት ሳይጎድል ዓረፍተ ነገር ማውጣት ይቻላል፤ ቃል በቃል ሲተረጉም የኖረ ሰው ግን ይህን ለማድረግ እጁ አይታዘዝለትም።

«ባልዎ ትልቅ ሚና ይጫወታል» ደግሞ ጎጃም ውስጥ በተለይ አይሆንም። ዋሸራና ዲማ ቅኔ የተቆጠረበት አገር ነው፤ ሰዉ ቃል ሲሰማ ሌላ ትርጉም ፈልጎ ማግኘት ይወዳል። «ባልዎ ይጫወታል» ካላችሁት ወረቀቱ የጨዋታ መነሻ ሆኖ ይቀራል፤ መልእክቱን የሚያስታውሰው የለም። ደግሞስ ዋናው ጽሑፍ ባልየው ምን እንዲያደርግ ነው የፈለገው? አብሯት እንዲመጣ፣ ለመጓጓዣ እንዲዘጋጅ። ስለዚህ እሱን በሉት፦ «ባለቤትሽ ወይም ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮሽ ይምጣ»። «ባል»ን ወደ «ባለቤት» መለወጣችንንም ልብ በሉ። ሰው የሌላውን ሰው ባል በጨዋ አፍ ሲጠራ የሚለው እሱን ነው። «ከቤተሰብ አንድ ሰው» የገባው ደግሞ ባሏ በአጠገቧ የሌለ ሴት ወረቀቱ የእኔ አይደለም እንዳትል ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ «ብቻዎን አይደሉም» እና «እኛ ለእርስዎ እዚህ ነን»ን፣ አማርኛ በሁለት ቃል ይጨርሳቸዋል፦ «አይዞሽ፤ አለንልሽ»።

አራተኛ፦ ትህትናውን ካለበት አንሱት፣ ወደሚኖርበት ውሰዱት

ረቂቁ ውስጥ «እባክዎ» ሦስት ጊዜ አለ። እንግሊዝኛ ትሁት የሚሆነው በዚያች ቃል ስለሆነ ተርጓሚው ባገኛት ቁጥር መልሷታል። አማርኛ ውስጥ ግን እባክሽ ልመና ነው። ለራሴ ጥቅም ሰውን ሳስቸግር የምለው ቃል ነው። አንዳንዴም ትዕግሥት ማለቅ ነው፤ «እባክሽ ተይኝ» እንደሚባለው። ሴትየዋ ለራሷ ጤና ስትመጣ የሚለምናት ካገኘች ወይ ለእኛ ውለታ እየዋለች ይመስላታል፣ ወይ የሚደበቅ ነገር አለ ትላለች።

ታዲያ ትህትናው የት ይግባ? አንደኛ ሰላምታው ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው «ውድ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ግን ሳንጠይቅ ወደ ጉዳይ አንገባም። «እኅታችን፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አንድ መስመር ይበቃል፤ ወረቀት መልስ ስለማይሰማ የከብቱንና የልጆቹን ደህንነት ሁሉ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ ምርቃቱ ነው። ሦስተኛ «አደራ» የምትለዋ ቃል ናት። «መምጣትዎን እርግጠኛ ይሁኑ» ሲባል ሴትየዋ ስለ ራሷ መምጣት እርግጠኛ እንድትሆን ነው የተጠየቀችው፤ ትርጉም የለውም። «አደራ፣ እንዳትቀሪ» ስትባል ግን ጉዳዩ ጥብቅ መሆኑም፣ የጠራት ሰው እንደሚያስብላትም በአንድ ላይ ይገባታል።

ከመጠን ያለፈ ማለዘብም ጉዳት አለው። «ብትመጪ ጥሩ ነበር» በጣም ትሁት ነው፤ ግን ካልመጣሁም ግድ የለም ማለት ነው ተብሎ ይሰማል። «መምጣት ትችያለሽ?» ደግሞ መንገዱን ትችይዋለሽ ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ለቀጠሮ «እንጠብቅሻለን» ይበቃል። የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ያወቀ ሰው በከንቱ አይቀርም፤ ይሉኝታው ይይዘዋል።

የአደጋው ክፍል ላይ ስትደርሱ ግን ትህትናውን አሳጥሩት። «እኛን ለማግኘት አያመንቱ» ረጅም፣ ለስላሳ፣ ከዚያም ሁሉ በኋላ ምን እንደሚደረግ የማይናገር ነው። ቀጥታ ግስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሳይውል ሳያድር ነይ» የሚለውን ያመጣል። አነጋገሩ የእኛ ነው፣ ያምራል፤ ለዚህ ቦታ ግን ኃይሉ አይበቃም። ጠዋት ደም የፈሰሳት ሴት ቡናዋን አፍልታ፣ ልጆቿን አብልታ ከሰዓት በኋላ ብትነሳ «ሳይውል ሳያድር» ሄዳለች። እዚህ የሚፈለገው «ወዲያው ተነስተሽ ነይ» ነው። ፈሊጥ ስትመርጡ ማማሩን ብቻ አትዩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ መዝኑት።

አምስተኛ፦ የሕመሙን ስም ወደ ግስ መልሱ

በእንግሊዝኛ ሕመም ስም ነው፤ «ከባድ ራስ ምታት»፣ «የደበዘዘ እይታ» ተብሎ ይዘረዘራል። በአማርኛ ሕመም የሚያደርግ ነገር ነው፤ ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሴትየዋ ሐኪም ፊት ቀርባ «የደበዘዘ እይታ አለብኝ» አትልም። «ዓይኔን ብዥ ይለኛል» ነው የምትለው። ስለዚህ ዝርዝሩን ሁሉ ወደ ግስ ለውጡት፦

ከባድ ራስ ምታት፦ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ።
የደበዘዘ እይታ፦ ዓይንሽን ብዥ ካለሽ።
የፊት እና የእጅ እብጠት፦ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ።
የደም መፍሰስ፦ ጥቂትም ቢሆን ደም ከፈሰሰሽ።
የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፦ ልጁ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ካለሽ።
ውሃዎ ከተሰበረ፦ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ።

የመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ካስቀመጥንባቸው አንዱ ነው። ውሃ አይሰበርም፤ ሸክላ ነው የሚሰበር። ገጠር ውስጥ «ውሃዎ ከተሰበረ» ሲባል የውሃ እንስራ ከተሰበረ ተብሎ ቢሰማ አይገርምም። እንሽርት የምትለውን ቃል ግን ልጅ ያዋለደች ሴት ሁሉ ታውቃታለች።

ይህን ስታደርጉ ምልክቱን እንዳታለዝቡት። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊትና የእጅ እብጠት በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካልተደረሰበትም ወደ ማንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። «ዓይንሽን ደከም ካደረገሽ» ብትሉ ለጆሮ ይቀላል፤ ግን የድካም ነገር ሆኖ ይታለፋል። ደሙንም እንዲሁ። ጨዋ ለመሆን ብላችሁ «የተለየ ነገር ካየሽ» ካላችሁ ደም እንደሆነ ማን ይነግራታል? ደምን ደም በሉት። ሥፍራውን አለመጥራት ግን ይቻላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከፈሰሰሽ ስትባል የት እንደሆነ ታውቃለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ «ጥቂትም ቢሆን» ረቂቁ ውስጥ አልነበረም። እኛ ነን የጨመርነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ሁሉ በሌላ ቀለም ይጻፍና አዋላጇ ነርስ ትየው። የአማርኛው ኃላፊነት የእናንተ ነው፤ የሕክምናው ግን የእሷ ነው።

ስድስተኛ፦ ቀኑና ሰዓቱ

«ሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ በ8፡00 ሰዓት»። ዋናው ጽሑፍ የ2024 ነው፤ ሰዓቱም ጠዋት ነው። ይህ በእኛ ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩ እንዳለ ከተተወ ሴትየዋ 8 ሰዓት ብላ ከቀትር በኋላ ትደርሳለች፤ በባዶ ሆዷ ረጅም መንገድ ተጉዛ ደርሳ «ቀጠሮሽ አልፏል» ትባላለች። የጥፋቱ ባለቤት እሷ ሳትሆን ወረቀቱ ነው።

ቀኑን በልባችሁ አትመልሱት። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ ግን 12 ላይ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ለምሳሌ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። አንድ ቀን እዚህ ይዛነፋል። ባለሁለት ረድፍ ካላንደር አጠገባችሁ አስቀምጡ። ገጠር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ቀን የሚቆጥረው በታቦት ስለሆነ፣ ሠራተኛዋ በቃል ስትናገር «የአቦ ዋዜማ» ብትል ከጥቅምት 4 ይልቅ ይያዛል፤ አቦ 5 ነውና።

ሰባተኛ፦ ግሶቹን አንድ በአንድ ልቀሙ

ከእርስዎ ወደ አንቺ ስትለውጡ የሚቀር አይጠፋም። «ጥያቄ ካለሽ ይጠይቁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ታትሞ ማየት የተለመደ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ «ዎ»ን ፈልጉ፤ «ልጅዎ»፣ «ካለዎት»፣ «እባክዎ» ሁሉ ይወጣሉ። ግን ሁሉን ለውጥ የሚለውን አትጫኑ። «ሰዎች» ውስጥም «ዎ» አለች፤ «ሰሽች» የሚል ጉድ ይወጣባችኋል። አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ።

ፍለጋው የማያገኛቸውም አሉ። «ይምጡ»፣ «ይያዙ»፣ «ይሁኑ» አንቱታ ናቸው፤ «ዎ» ግን የላቸውም። እነዚህን በዓይን ብቻ ነው የምታገኟቸው። በ«ይ» ጀምሮ በካዕብ የሚያልቅ ግስ ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉና «ማን ነው ይህን የሚያደርገው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንቺን ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ፊደል ተጠንቀቁ፤ «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ጠጣ» «ጠጪ»፣ «ጠብቅ» «ጠብቂ» ይሆናል። አንድ ቦታ «ውሰድ» ከቀረ አንባቢዋ ለባሏ የተጻፈ ይመስላታል።

አሁን ረቂቋ እንዲህ ሆነች

«እኅታችን፣ እንደምን ሰነበትሽ? በሰላም ያገላግልሽ። ሰኞ ጥቅምት 4 ቀን፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ለምርመራ እንጠብቅሻለን። አደራ፣ እንዳትቀሪ። ባለቤትሽ ወይም ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮሽ ይምጣ። እስከዚያው ግን ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽን ብዥ ካለሽ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ጥቂትም ቢሆን ደም ከፈሰሰሽ፣ ልጁ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ካለሽ ወይም የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ወዲያው ተነስተሽ ነይ። ያልገባሽ ነገር ካለ ጠይቂን፤ ነውር የለውም። አይዞሽ፤ አለንልሽ።»

«ነፃነት ይሰማዎት» የት ሄደ? «ነውር የለውም» ሆነ። ጠያቂዋን የሚይዛት ነፃነት ማጣት ሳይሆን ማፈር ስለሆነ፣ የሚፈታላትም እሱ ነው።

ከመታተሙ በፊት፦ ለሰው አንብቡት

ቢያንስ ለሦስት ሰው ይነበብ፤ ለአንዲት ወጣት እናት፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ለአንድ ባል። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ገባሽ?» አትበሉ። ይሉኝታ አለ፤ ባይገባትም «ገብቶኛል» ትላለች፤ አንባቢዋን ማሳፈር አትፈልግም። ይልቅ «ለጎረቤትሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» በሏትና ዝም ብላችሁ ስሙ። የምትመልስበት ቃል የእናንተ ካልሆነና ከእናንተ የተሻለ ከሆነ ውሰዱት። ሦስቱም የዘለሉት ነገር ካለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ተሰምቶም አልተያዘም ማለት ነው።

በዚህች ወረቀት ላይ የሚጠበቀው ችግር የስድስቱ ምልክት ርዝመት ነው። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አዳማጯ «ነይ» እስክትሰማ ድረስ ስድስት ነገር ተሸክማ መጠበቅ አለባት። ለሚነበብ ይሁን፤ ለሚሰማ ግን ይከብዳል። ሴቶቹ ስትጠይቋቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከረሱ ትዕዛዙን ወደ ፊት አምጡትና መጨረሻ ላይ ድገሙት፦ «ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየብሽ ወዲያው ነይ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ምልክቶቹን ቁጠሩ፣ «ወዲያው ነይ» ብላችሁ ዝጉ። ሠራተኛዋም በጣቷ እየቆጠረች ታንብብ።

ከዚያ የሸፈናችሁትን እንግሊዝኛ ግለጡ። አሁን የምትፈትሹት ቃል ሳይሆን ፍሬ ነገር ነው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስድስቱ ምልክት፣ አብሯት የሚመጣው ሰው፣ መጠየቅ መቻሏ። አንዱ ከጎደለ መልሱት።

ወረቀቷ ወደ አዊ የምትሄድና ወደ አውኛ የምትተረጎም ከሆነ ደግሞ ይህችን የተስተካከለች አማርኛ ብቻዋን አትስጡ። ተርጓሚው «አለንልሽ»ንና «አደራ»ን ቃል በቃል ከወሰዳቸው እኛ ከእንግሊዝኛው ጋር የገባንበት ችግር ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ደረጃ ዳር ላይ የጻፋችኋቸውን ሥራዎች አብራችሁ ላኩለት፤ እዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ትመረቃለች፣ እዚህ ከቀጠሮዋ እንዳትቀር አደራ ትባላለች፣ እዚህ ትደፋፈራለች። ምርቃቱን ራሱ ከአገሩ አሮጊቶች ጠይቆ ይሙላው፤ ምልክቶቹንና ሰዓቱን ግን አንዳች ሳይነካ ይውሰዳቸው።